ክሮሲንግ ኦቨር የት ነው? የሚዮሲስ ካርዶችሽን እንደገና ሥሪያቸው

«የሚዮሲስን ደረጃዎች በፍላሽ ካርድ አጥንቻለሁ። ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ ብዬ ሁለት ጊዜ እደረድራለሁ። የፕሮፌዝ 1 አምስት ክፍሎችንም ስማቸውን አውቃለሁ። ፈተና ላይ ሥዕል ሲመጣ ግን 1 ይሁን 2 መለየት ያቅተኛል። ክሮሲንግ ኦቨርን አንዴ ሜታፌዝ 1፣ አንዴ ፕሮፌዝ 2 ብዬ ተሳስቻለሁ። ካርዶቼ ወደ 60 ደርሰዋል። የተሻለ የማስታወሻ ቃል አለ ወይስ ካርድ ልጨምር?» — ግራ የገባት ተማሪ

ካርድ አትጨምሪ። እንዲያውም ካሉሽ ውስጥ አብዛኞቹን ጣያቸው። የማስታወስ ችግር የለብሽም፤ ስሞቹን ጥንቅቅ አድርገሽ ይዘሻል። ችግሩ ያለው ካርዶቹ የሚጠይቁሽ ነገር ላይ ነው። «ከሜታፌዝ ቀጥሎ ምን ይመጣል?» የሚል ካርድ የሚያለማምድሽ ዝርዝር መደርደርን ነው። ፈተናው የሚሰጥሽ ግን ሥዕል ነው፣ ሥዕል ላይ ደግሞ ስም አልተጻፈም። ያሉት ክሮሞሶሞች ብቻ ናቸው። ከእነሱ ማንበብ ያለብሽ አንድ ነገር ነው፦ ምን ከምን ጋር ተያይዟል? ይህን የማይጠይቅ ካርድ 100 ቢኖርሽም ሥዕሉ ፊት አያድንሽም።

የዘር ህዋሶች የሚፈጠሩበት ክፍፍል፣ ሚዮሲስ፣ ውስጥ ሁለት ማሰሪያዎች አሉ። ክፍፍሉ ከመጀመሩ በፊት፣ ኢንተርፌዝ ላይ፣ ዲኤንኤው ይባዛል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ክሮሞሶም ሁለት ቅጂዎች፣ ማለትም ሁለት እህት ክሮማቲዶች፣ ይዞ ነው ወደ ሚዮሲስ የሚገባው። እነዚህን እህትማማቾች ኮሄሲን የሚባል ፕሮቲን አጣብቆ ይይዛቸዋል። አንደኛው ማሰሪያ ይህ ነው። ሁለተኛው ከእናት የመጣውን ክሮሞሶም ከአባት ከመጣው አቻው ጋር፣ ማለትም ሆሞሎገሶቹን እርስ በርስ፣ የሚያያይዘው ነው። እሱን የሚፈጥረው ክሮሲንግ ኦቨር ነው። ክሮማቲዶቹ ተቆርጠው፣ ተለዋውጠው እንደገና የተቀጠሉበት ቦታ ላይ ሁለቱ ክሮሞሶሞች ተጠላልፈው ይቀራሉ፤ ያ መጠላለፊያ ካያዝማ ይባላል። አናፌዝ 1 ሆሞሎገሶቹን ይለያል፣ አናፌዝ 2 ደግሞ እህቶቹን። ሌላው ሁሉ ለእነዚህ ሁለት መለያየቶች የሚደረግ ዝግጅት ነው።

ይህን ከያዝሽ ፕሮፌዝ 2 ላይ ክሮሲንግ ኦቨር እንደማይኖር በቃል ማጥናት አያስፈልግሽም። አናፌዝ 1 ላይ ሆሞሎገሶቹ ወደተለያየ ጫፍ ሄደዋል፣ ከዚያም ህዋሱ ለሁለት ተከፍሏል። ፕሮፌዝ 2 ላይ የምታዪው ክሮሞሶም አቻው ያለው ሌላ ህዋስ ውስጥ ነው። ታዲያ ከማን ጋር ይለዋወጣል?

የሜታፌዝ 1 ስህተት ግን ለመሳሳት የሚጋብዝ ምክንያት አለው። ብዙ ሥዕሎች ቀለማቸው የተቀላቀለ ጫፎችን በደንብ ጎልተው የሚያሳዩት ክሮሞሶሞቹ መሃል ላይ ሲሰለፉ ነው፣ ስለዚህ ዓይንሽ ልውውጡ እዚያው የተካሄደ ይመስለዋል። በዚያ ላይ ሌላው የልዩነት ምንጭ በእርግጥም ሜታፌዝ 1 ላይ ነው፦ ጥንዶቹ ሲሰለፉ የእናት ወገኑ ወደየትኛው ጫፍ እንደሚዞር እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው ይወሰናል። ሰው 23 ጥንድ ስላለው ይህ አሰላለፍ ብቻውን ከ8 ሚሊዮን በላይ ዓይነት ጥምረት ይሰጣል። ሁለቱን በአንድ ካርድ ላይ «የዘረመል ልዩነት ምንጮች» ብለሽ ከጻፍሻቸው ይደባለቁብሻል። ሁለት ካርድ አድርጊያቸው። አንዱ «ቁራጭ የሚቀያየረው መቼ ነው?» ይበል፤ መልሱ ፕሮፌዝ 1 ነው። ሌላው «ሙሉ ክሮሞሶም ወደየትኛው ወገን እንደሚሄድ የሚወሰነው መቼ ነው?» ይበል፤ መልሱ ሜታፌዝ 1 ነው።

«ክሮሲንግ ኦቨር የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱም ሦስት ጥያቄ በሆዱ ይዟል፣ እና ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው የትኛው እንደተጠየቀ ሳያይ ስለሚመልስ ነው። በየትኛው ደረጃ ከሆነ፣ ፕሮፌዝ 1፤ ዝርዝር ከተፈለገ ከአምስቱ ክፍሎቹ ሦስተኛው፣ ፓኪቲን። በማንና በማን መካከል ከሆነ፣ እህት ባልሆኑ የሆሞሎገስ ክሮማቲዶች መካከል። ምልክቱ የት ይታያል ከሆነ፣ ካያዝማ ላይ፤ እሱም ቁልጭ ብሎ መታየት የሚጀምረው በቀጣዩ ክፍል፣ ዲፕሎቲን ላይ ነው። ልውውጡ የሚካሄድበትና ምልክቱ የሚታይበት ደረጃ የተለያዩ መሆናቸውን ልብ በይ። አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ፦ ከፍ ያለ ደረጃ ትምህርት ላይ ስትደርሺ የዲኤንኤው መቆረጥ ከዚያ ቀደም ብሎ በመጀመሪያው ክፍል፣ ሌፕቶቲን ላይ እንደሚጀምር ታነቢያለሽ። ይህ ከ«ፓኪቲን» መልስ ጋር አይጋጭም። ሥራው ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ ልውውጡ የሚጠናቀቀው ፓኪቲን ላይ ነው። ፈተና ላይ ፓኪቲን ብለሽ ጻፊ።

አሁን ወደ ማስታወሻ ቃሉ። ሌፕቶቲን፣ ዛይጎቲን፣ ፓኪቲን፣ ዲፕሎቲን፣ ዲያካይኔሲስ የሚሉትን ስሞች የመጀመሪያ ፊደላቸውን ለቅሞ ዓረፍተ ነገር መሥራት የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልመክርም። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ቅደም ተከተሉን ብቻ ይይዝልሻል። ምን እንደሚከናወን አይነግርሽም፤ አንዷ ቃል ከጠፋችብሽም መልሰሽ የምታገኚበት መንገድ የለም። በምትኩ አምስት ግሦች ያዢ፦ ተከሰተ፣ ተጣመረ፣ ተለዋወጠ፣ ተላቀቀ፣ ተኮማተረ። ሁሉም በ«ተ» ይጀምራሉ፣ ስለዚህ ባንድ ትንፋሽ ይባላሉ። ከሁሉ በላይ ግን መሃል ያሉትን ሦስቱን ማገለባበጥ አይቻልም። ሳይጣመሩ መለዋወጥ የለም። ሳይለዋወጡ ከተላቀቁ ደግሞ የሚያያይዛቸው ነገር አይኖርም። አንዱን ብትረሺ ከጎረቤቶቹ ታገኚዋለሽ።

ሌፕቶቲን ላይ ክሮሞሶሞቹ እንደ ቀጭን ክር ተከሰቱ። ዛይጎቲን ላይ ሆሞሎገሶቹ ጎን ለጎን ሆነው መጣመር ጀመሩ፤ በመካከላቸው የሚያገጣጥማቸው የፕሮቲን መዋቅር፣ ሲናፕቶኔማል ኮምፕሌክስ፣ መገንባት ይጀምራል። ፓኪቲን ላይ ጥምረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ነው፣ እዚህ ተለዋወጡ። ዲፕሎቲን ላይ መዋቅሩ ይፈርሳል፣ ሆሞሎገሶቹ ተላቀቁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ካያዝማዎቹ ባሉበት ተያይዘው ይቀራሉ። ዲያካይኔሲስ ላይ ክሮሞሶሞቹ በጣም አጥረውና ወፍረው ተኮማተሩ፣ የኒውክለሱ ሽፋንም ይፈርሳል። «ተላቀቀ» የምትለው ቃል ብቻዋን ልታሳስትሽ ትችላለች፣ ስለዚህ ካርዱ ጀርባ ላይ «ካያዝማው ሲቀር» ብለሽ ጨምሪበት። ሙሉ መለያየት የሚመጣው አናፌዝ 1 ላይ ነው።

ዲፕሎቲንን የማትረሺበት አንድ እውነታ ልስጥሽ። የሰው እንቁላል ሴቷ ገና ሳትወለድ ሚዮሲስ ይጀምርና ዲፕሎቲን ላይ ይቆማል። እዚያው ቆይቶ የሚቀጥለው ያ እንቁላል ከእንቁልጢዋ ሊወጣ ሲል ነው። ይህ ማለት ማሰሪያዎቹ ለአሥርት ዓመታት መያዝ አለባቸው ማለት ነው። በእናት ዕድሜ መጨመር የክሮሞሶም ቁጥር ስህተት ከሚበዛባቸው ምክንያቶች አንዱ የእነዚህ ማሰሪያዎች መዳከም ነው። ከላላ ወይም መጀመሪያውኑ ካያዝማ ካልተፈጠረ፣ ሁለቱ ሆሞሎገሶች ወደ አንድ ጫፍ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ዳውን ሲንድሮም የሚያስከትለው ተጨማሪ 21ኛ ክሮሞሶም በአብዛኛው የሚመጣው ከእናት ወገን በሚፈጠር እንዲህ ያለ ስህተት ነው፣ በተለይም ሚዮሲስ 1 ላይ። ክሮሲንግ ኦቨርን «ልዩነት ለመፍጠር» ብለሽ ብቻ ካጠናሽው ግማሹን ትተሻል። ሆሞሎገሶቹ በሥርዓት እንዲለያዩ መጀመሪያ አያይዞ መያዝም ሥራው ነው። ይህን ግን «ሁልጊዜና በሁሉም ፍጡር» ብለሽ አትጻፊ። ወንድ የፍራፍሬ ዝንብ ያለ ክሮሲንግ ኦቨር ሚዮሲስ ያካሂዳል፣ ጥንዶቹን የሚይዝበት ሌላ መንገድ አለው።

ለአራቱ ትልልቅ ደረጃዎች ደግሞ የአማርኛው ፊደል ራሱ ያግዝሻል። ሜታፌዝ፣ መሃል። አናፌዝ፣ አራራቀ። ቴሎፌዝ፣ ተከፈለ። ፕሮፌዝ የቀረው ነው፣ ዝግጅቱ። ይህ ጥሩ ነው፣ ይሠራል። ግን 1 ይሁን 2 ስለሚለው አንድም ቃል አይልም፤ ሁለቱም ጊዜ መሃል ይሰለፋሉ፣ ሁለቱም ጊዜ ይራራቃሉ። አንቺን እየጣለሽ ያለውም ይኸው ነው። ቃሉ የማይዘውን ነገር ከቃሉ እየጠበቅሽ ነው።

«እህት ያልሆኑ» የሚለውን ለመያዝ እጆችሽን ተጠቀሚ። የቀኝ እጅሽን አመልካችና መሃል ጣት ዘርጊ፤ ይህ አንድ ክሮሞሶም ነው፣ ጣቶቹ እህት ክሮማቲዶች። የግራ እጅሽን እንዲሁ አድርጊ፤ ይህ አቻው ነው። አሁን የሁለቱን እጆች አመልካች ጣቶች አጠላልፊ። መሃል ጣቶቹ በየቦታቸው ይቅሩ። ክሮሲንግ ኦቨር ይኸው ነው፦ ከእያንዳንዱ እጅ አንድ ጣት። የአንድ እጅ ሁለት ጣቶችን ብታጠላልፊ እህቶችን አገናኘሽ ማለት ነው፤ እህቶች ደግሞ ያው ቅጂ ስለሆኑ ቢለዋወጡም አዲስ ነገር አይወጣም። አሁን እጆችሽን ለመለያየት ሞክሪ፣ የተጠላለፉት ጣቶች ይይዙሻል። ካያዝማው የሚሠራው ይህንኑ ነው። የዚህ ምሳሌ ጉድለት የሚሳተፉት ሁልጊዜ የውስጠኞቹ ሁለት ጣቶች እንደሆኑ ማስመሰሉ ነው። በእውነቱ ከአራቱ ክሮማቲዶች ማናቸውም ሁለት እህት ያልሆኑ ሊሆኑ ይችላሉ፣ በአንድ ጥንድ ላይም ከአንድ በላይ ልውውጥ ሊኖር ይችላል።

ሥዕል ሲሰጥሽ ስሙን ከመፈለግሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። የዚህ ክሮሞሶም አቻ እዚሁ ህዋስ ውስጥ አለ? ካለ፣ ከአቻው ጋር ተያይዟል? አቻው አለ፣ ተያይዟልም ከሆነ ሚዮሲስ 1 ነው። አቻው አለ ግን ሁለቱ ለየብቻ ከሆኑ ተራው የህዋስ ክፍፍል፣ ማይቶሲስ ነው። አቻው ጭራሽ ከሌለ ሚዮሲስ 2 ነው። ሜታፌዝ ላይ ይህ በጣም ግልጽ ነው፦ ሜታፌዝ 1 ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ቆመዋል፣ እህቶቹ የሚያያዙባቸው ነጥቦች፣ ሴንትሮሚሮቹ፣ ከመሃል መስመሩ ግራና ቀኝ ናቸው፤ ሜታፌዝ 2 ግን በአንድ ረድፍ ነው፣ ሴንትሮሚሮቹም መስመሩ ላይ። አናፌዝ ላይ ደግሞ የሚሳበውን ተመልከቺ። እያንዳንዱ አሁንም ሁለት ክሮማቲድ ከያዘ አናፌዝ 1 ነው። ነጠላ ክር ከሆነ ወይ አናፌዝ 2 ወይ ማይቶሲስ ነው፣ እሱን የምትለዪው ወደ አንድ ጫፍ ከሚሄዱት መካከል አቻዎች መኖራቸውን አይተሽ ነው። ጥያቄው የማይሠራበት ቦታም አለ፦ ሌፕቶቲን ላይ አቻዎቹ ገና አልተጣመሩም፣ ስለዚህ የማይቶሲስ ፕሮፌዝ ይመስላል። ብዙ ፈተና ግን እሱን በሥዕል አይጠይቅም።

ካርዶቹን እንዲህ ሥሪያቸው። 4 ክሮሞሶም ያለው ህዋስ ውሰጂ፦ ሁለት ረጅም፣ ሁለት አጭር፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። የካርዱ ፊት ላይ ሥዕሉን ብቻ ሳዪ፣ ስም አትጻፊ። ጀርባው ላይ ደረጃውን፣ የክሮሞሶሙን ቁጥር፣ የክሮማቲዱን ቁጥርና ያልተፈታውን ማሰሪያ ጻፊ። ክሮሞሶም ስትቆጥሪ ሴንትሮሚር ቁጠሪ፣ ሌላ አትመልከቺ። ፓኪቲን ላይ 4 ክሮሞሶም፣ 8 ክሮማቲድ፤ ሜታፌዝ 1 ላይም እንዲሁ፣ ግን በሁለት ጥንድ ተሰልፈው። አናፌዝ 1 ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ይራራቃሉ። ሚዮሲስ 1 ሲያልቅ በእያንዳንዱ ህዋስ 2 ክሮሞሶም፣ 4 ክሮማቲድ አለ፤ የክሮሞሶሙ ቁጥር በግማሽ የቀነሰው እዚህ ነው፣ ብዙ ሰው ሚዮሲስ 2 ላይ ይመስለዋል። ከዚህ በኋላ ዲኤንኤው ዳግመኛ አይባዛም። ሜታፌዝ 2 ላይ ያው 2 ነው። አናፌዝ 2 ላይ ሴንትሮሚሮቹ ስለሚለያዩ ለአፍታ 4 ትቆጥሪያለሽ፣ ሁሉም ነጠላ። መጨረሻ ላይ አራት ህዋሶች፣ በእያንዳንዳቸው 2 ነጠላ ክሮሞሶም።

ቀለሞቹን የምትፈልጊው ለዚህ ነው፦ በረጅሙ ጥንድ ላይ አንድ ልውውጥ አድርጊና ተከተይው። ከፓኪቲን በኋላ ከቀዩ ክሮሞሶም አንዱ ክሮማቲድ ሙሉ ቀይ ነው፣ ሌላው ጫፉ ሰማያዊ ሆኗል። ከሰማያዊውም አንዱ ሙሉ ሰማያዊ፣ ሌላው ጫፉ ቀይ። አናፌዝ 1 ላይ የቀይ ሴንትሮሚሩ ሁለቱንም ክሮማቲዶቹን፣ የተለወጠውንም ያልተለወጠውንም፣ ይዞ ወደ አንድ ጫፍ ይሄዳል። አናፌዝ 2 ላይ ተለያይተው አራቱ ህዋሶች አራት ዓይነት ረጅም ክሮሞሶም ይደርሳቸዋል፦ ሙሉ ቀይ፣ ጫፈ ሰማያዊ ቀይ፣ ጫፈ ቀይ ሰማያዊ፣ ሙሉ ሰማያዊ። ሁለቱ እንደነበሩ፣ ሁለቱ አዲስ። አራቱንም ቀላቅለሽ ከሳልሽ በአንዱ ልውውጥ አራቱም ክሮማቲዶች የተሳተፉ አድርገሽ አስበሻል ማለት ነው፣ ወደ ጣቶቹ ተመለሺ። ከዚህ ሥዕል የሚወጣ ሌላም እርማት አለ፦ ከክሮሲንግ ኦቨር በኋላ እህት ክሮማቲዶች አንድ ዓይነት አይደሉም። አሁንም እህት የሚባሉት በአንድ ሴንትሮሚር ስለተያዙ ነው። ለዚህ ነው «ሚዮሲስ 2 ልክ እንደ ማይቶሲስ ነው» የሚለው አባባል አካሄዱን ብቻ የሚገልጸው፤ ከማይቶሲስ የሚወጡት ሁለት ህዋሶች አንድ ዓይነት ናቸው፣ ከሚዮሲስ 2 የሚወጡት ግን አይደሉም።

ቁርጥ ያለ ምክሬ 15 ካርድ ነው። ሰባት ባለ ሥዕል፦ ፓኪቲን፣ ሜታፌዝ 1፣ አናፌዝ 1፣ የሚዮሲስ 1 መጨረሻ፣ ሜታፌዝ 2፣ አናፌዝ 2 እና የመጨረሻዎቹ አራት ህዋሶች። አምስት ለአምስቱ ግሦች። ሁለት ለልዩነት ምንጮቹ። አንድ «በማንና በማን መካከል?» የሚል። ሥዕሎቹን በእጅሽ ሳያቸው፣ ከመጽሐፍ ፎቶ አንስተሽ አትለጥፊ፤ ስትስይ የማታውቂው ቦታ ላይ እጅሽ ይቆማል፣ ፎቶ ስትለጥፊ ግን ምንም አይቆምም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደባልቂያቸው። በቅደም ተከተል ከተደረደሩ የፊተኛው ካርድ ለኋለኛው መልሱን ይነግረዋል፣ እስካሁን ስትመልሺ የቆየሽውም በዚህ መንገድ ይመስለኛል። መልሱን ጮክ ብለሽ ሳትናገሪ ካርዱን አትገልብጪ፤ «አዎ፣ ይሄን አውቀዋለሁ» ማለት መልስ አይደለም። የሳትሽውን በማግሥቱ፣ ያገኘሽውን ከሦስት ቀን በኋላ፣ ዳግመኛ ካገኘሽው ከሳምንት በኋላ ድገሚ። አንድ ባለ ሥዕል ካርድ ሁለት ጊዜ ከሳትሽ ካርዱን መደጋገም አቁሚ፤ ባዶ ወረቀት አውጥተሽ ከፓኪቲን ጀምሮ እስከ አራቱ ህዋሶች ቀለሞቹን እየተከተልሽ ሳዪ፣ የተሳሳትሽበት ቦታ ሥዕሉ ላይ ራሱ ይታያል።